«ሽልማቱን ወስደህ የለ?»

ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ወጣት ነኝ። አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሠርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ አንዲት ጓደኛዬ ትዘፍናለች። የምጠይቀው 18 ሺህ ብር ነው። ከዚህ ላይ ለስፒከርና ሚክሰር ኪራይ 5 ሺህ፣ ለመኪና 2,500፣ ለረዳት 1,500፣ ለዘፋኟ 4 ሺህ እከፍላለሁ።

ባለፈው ግንቦት አንድ ሠርግ ላይ እስከ 11 ሰዓት ተባብለን እስከ ማታ 2 ሰዓት አጫወቱኝ። ሲያልቅ የሙሽራው ወንድም «ሽልማቱን ወስደህ የለ?» ብሎ 3 ሺህ ብር ቀነሰብኝ። ሰው ፊት ስለ ገንዘብ መከራከር አፈርኩና ዝም ብዬ ወጣሁ።

አሁን ደግሞ አክስቴ ጥር ውስጥ ልጇን ትድራለች። «እሱ እያለልን ሌላ ሙዚቀኛ ምን ያደርጋል» ብላ ለዘመድ ሁሉ ተናግራለች። ስለ ክፍያ የተነሳ ነገር የለም። ሃይስኩል ስማር ሦስት ዓመት የኖርኩት እሷ ቤት ነው። በዚያው ቅዳሜ ሌላ ደንበኛ 18 ሺውን ሳይከራከር እሺ ብሎ «ቀብድ ልላክ?» እያለኝ ነው። አክስቴን እምቢ ማለት አልችልም። በነፃ ልጫወት ብል ደግሞ 13 ሺህ ብር ከኪሴ ሊወጣ ነው። ምን ይሻለኛል?

ኪቦርድ ተጫዋቹ፣ ከአዳማ

ወንድሜ፣ ቀብዱን ገና አልተቀበልክም አይደል? እንኳን አልተቀበልክ። ከአክስትህ ጋር ሳትነጋገር እንዳትቀበል። ቀብድ በእጅህ ከገባ በኋላ ሐሳብ መቀየር ያስከፍላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1885 እንደሚለው፣ በሌላ መንገድ ካልተስማማችሁ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ሲተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ሲተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። 9 ሺህ ብር ቀብድ ይዘህ በኋላ ብትተወው 18 ሺህ መልስ ልትባል ትችላለህ ማለት ነው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያንን ደንበኛ ብትቀበል፣ ያን ቅዳሜ የአክስትህ ልጅ ሠርግ ላይ ጭራሽ አትገኝም። ይሄን አስበኸዋል? ሦስት ዓመት አንድ ቤት አብረሃት የኖርካት ልጅ ስትዳር አንተ ሌላ አዳራሽ ውስጥ የማታውቀውን ሰው ታስጨፍራለህ። ደብዳቤህን ሳነበው ይሄን የምትፈልገው አልመሰለኝም። ካልተሳሳትኩ የከበደህ 18 ሺህ ብሩን መተው ነው። ግን እሱም ቢሆን 18 ሺህ አይደለም። አንተው በጻፍከው ሒሳብ ወጪህ 13 ሺህ ነው፣ ስለዚህ የሚቀርብህ 5 ሺህ ብር ነው። ለእሷ ሠርግ 5 ሺህ ብር መተው እና 18 ሺህ ብር መተው በጣም የተለያየ ነገር ነው።

ደንበኛውን ለምታምነው ሌላ ኪቦርድ ተጫዋች ስጠው። ዛሬውኑ ደውልና «ቀኑ ተይዞብኛል፣ ግን እኔ የማውቀው ጥሩ ልጅ አለ፣ ላገናኛችሁ» በለው። ሰውየውም አይጎዳም፣ ያ ልጅም በሚቀጥለው ጊዜ የእሱን ትርፍ ሥራ ወደ አንተ ይልካል። እኔ ከመሥሪያ ቤት ሥራዬ ጎን ወደ ስምንት ዓመት ያህል ሠርግ ላይ ቤዝ ጊታር ስጫወት፣ ከሥራዬ ግማሽ ያህሉ የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

አክስትህ ጋ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ዋጋህ እናውራ፤ ግንቦት ላይ የደረሰብህን ያመጣውም፣ ከአክስትህ ጋር ለማውራት አፍህን የያዘህም እሱ ነውና።

አንተ የሒሳብ አስተማሪ ነህ፣ ይሄን ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለህ፤ ግን በራሳችን ሥራ ላይ ሒሳብ መሥራት ይከብደናል። የሙሽራው ወንድም 3 ሺህ ሲቀንስ በእሱ ዓይን የቀነሰው ከ18 ሺህ ላይ አንድ ስድስተኛውን ነው። ትንሽ ነገር መስሎታል። ግን የስፒከሩ ባለቤት 5 ሺውን ተቀብሏል፣ ሾፌሩም ተቀብሏል፣ ዘፋኟም ተቀብላለች። ማንም ከድርሻው አልቀነሰም። 3 ሺውን ብቻህን ተሸከምከው። ከ5 ሺህ ላይ 3 ሺህ ሲሄድ 2 ሺህ ይቀራል። ሐሙስ ማታ ከዘፋኟ ጋር ሦስት ሰዓት ትለማመዳላችሁ እንበል፤ እሱን እና ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ዕቃ ስትጭን ጀምረህ ማታ 3 ሰዓት እስክታወርድ ያለውን ብትደምረው 16 ሰዓት ይሆናል። ለሰዓት 125 ብር ሠራህ ማለት ነው። ባይቀነስብህ እንኳ 312 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር።

ስለዚህ ደንበኛ «ትንሽ ቀንስልን» ሲልህ፣ እሱ የሚያየው ጠቅላላውን ነው፤ የሚቀነሰው ግን ሁልጊዜ ከአንተ ድርሻ ነው። 2 ሺህ ብቻ ብትቀንስ እንኳ 40 በመቶ ገቢህ ሄደ። ይሄን ካወቅክ ድርድሩ ላይ የምትናገረው ይለወጣል። ዋጋህን ከታች ወደ ላይ ሥራው። 13 ሺህ ወጪ፣ 6 ሺህ የአንተ ድካም፣ 1 ሺህ ለኪቦርዱ። ለኪቦርዱ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። አዳራሽ ውስጥ መብራት ሄዶ ጀነሬተር ሲነሳ ኃይሉ ከፍ ዝቅ እያለ የስንቱን አዳፕተር አቃጥሏል። ዕቃህ በተበላሸ ቀን ከደመወዝህ ላይ እንዳታወጣ ነው። ድምሩ 20 ሺህ ይመጣል። የከተማውን ዋጋ አንተ ታውቃለህ፣ ቁጥሩን አንተው አስተካክለው፤ ግን ከዚህ በታች ከወረድክ ከራስህ እየከፈልክ እንደሆነ እወቅ።

ደንበኛው 20 ሺህ ከበደኝ ካለ ደግሞ ሥራውን ቀንስለት እንጂ በዚያው ሥራ ላይ ዋጋህን አትቀንስ። «ዘፋኟ ካልመጣች፣ እኔ ብቻዬን እየተጫወትኩ ከዘፈንኩ፣ 16 ሺህ ይሆናል» በለው። «አዳራሹ የራሱ ሳውንድ ሲስተም ካለው 5 ሺህ ይቀነሳል» በለው። ያኔ እሱም የሚከፍለው ለምን እንደሆነ ያያል፣ አንተም አትጎዳም። የአዳራሹን ሳውንድ ግን ቀድመህ ሄደህ ሳታይ እሺ እንዳትል። ብዙ አዳራሽ ያለው ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ትንንሽ ስፒከር ነው፤ ለንግግርና ለምርቃት ይበቃል፣ ለጭፈራ አይሆንም። ኪቦርድህን ሰክተህ በግራ እጅህ ወፍራሞቹን ድምፆች ጠንከር አድርገህ ምታ። ድምፁ ከተሰነጠቀ ወይም ከጠፋ የራስህን ስፒከር ማምጣት አለብህ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ሠርግ ሰዓቱን አክብሮ ሲጀመር ስንት ጊዜ አይተሃል? ሙሽሮቹ መናፈሻ ፎቶ ሲነሱ ይቆያሉ፣ መንገድ ይዘጋል፣ 6 ሰዓት የተባለው 8 ሰዓት ይሆናል። አንተ ግን ከ6 ሰዓት ጀምሮ ቁጭ ብለሃል። ስለዚህ የሥራህ ሰዓት የሚቆጠረው በተባለው ሰዓት እንጂ ሙሽሮቹ ሲገቡ እንዳልሆነ ቀድመህ ተናገር። ከ11 ሰዓት በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አውጣለት። እኔ እንዲህ ነው የማሰላው። የአዳራሹ ሥራ አምስት ሰዓት ነው፤ የዘፋኟ 4 ሺህ ለአምስት ሲካፈል 800 ነው፤ የረዳቱ 300፤ የአንተ 1 ሺህ። በዚህ ላይ ስፒከሩ በምሽት ሲመለስ ባለቤቱ ጭማሪ ሊጠይቅ ስለሚችል 2,500 ብር ብትል የበዛ አይደለም። ግንቦት ላይ ሦስት ሰዓት ጨምረህላቸዋል። 7,500 ብር ሊጨምሩልህ ሲገባ ነው 3 ሺህ የቀነሱት። በነገራችን ላይ፣ ዘፋኟ ለእነዚያ ሦስት ሰዓታት የተከፈላት ነገር አለ? ካልተከፈላት እሷም አንተ የተሰማህ ተሰምቷታል፣ ምናልባት እንዳንተ ዝም ብላ ይሆናል።

የጭማሪውን ዋጋ መናገር ብቻ አይበቃም። «ቀጥል!» የሚልህ ሰው ማን ነው? 11 ሰዓት ላይ ሞቅ ያለው አጎት መጥቶ ትከሻህን ይይዝና «ገና ነው፣ ማንም አይሄድም!» ይላል። ከፋዩ ግን እሱ አይደለም። ስለዚህ ስትስማሙ «በዕለቱ ስለ ሰዓትና ስለ ገንዘብ የማናግረው አንድ ሰው ንገሩኝ» በል። ብዙ ጊዜ ወንድም ወይም አንደኛ ሚዜ ይሆናል። 11 ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው በጆሮው «ጋሼ፣ ሰዓታችን ደርሷል፣ እንቀጥል? ለሰዓት 2,500 ነው የተባባልነው» በለው። ጆሮው ላይ ነው የምትነግረው፣ ሰው አይሰማም፣ አንተም አታፍርም። ደብዳቤህ ላይ ማፈርህን ስትጽፍ ገብቶኛል። ሙዚቃ ከጠፋ በኋላ፣ ሰው ሁሉ እየተሰናበተ፣ እናት እያለቀሰች ስለ 3 ሺህ ብር መነጋገር ማንንም ያሳፍራል። ለዚህ ነው ወሬው ከዚያ በፊት ማለቅ ያለበት።

ክፍያውም እንደዚያው። ግማሹን ቀብድ፣ ቀሪውን ደግሞ ከሠርጉ ሁለት ቀን በፊት በባንክ ወይም በቴሌብር ይላኩ። ሠርግ ማታ የገንዘብ ቀን አይደለም። አንድ ጊዜ እኛ ተጫውተን ስንጨርስ ገንዘቡን የያዘው ሰው ሙሽራዋን ሊሸኝ ሄዷል ተባልን። ሦስት ሳምንት ተመላለስን። በመጨረሻ ግማሹን ሰጡንና «ወጪ በዛብን፣ እናንተም ታውቁታላችሁ» አሉን። ውሸት አልነበረም፣ በእርግጥ በዝቶባቸዋል። ድግሱ ከማለቁ በፊት ብንቀበል ኖሮ ግን እኛም እነሱም አንቀያየምም ነበር።

ሽልማቱ። እዚህ ላይ የሙሽራውን ወንድም ትንሽ ልረዳው እፈልጋለሁ፣ አትቀየመኝ። አዝማሪ ቤት ያደገ ሰው ለሙዚቀኛ ክፍያ ማለት ሽልማት ነው ብሎ ያስባል። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ይመጣል፣ ሰው «ተቀበል!» እያለ ግጥም ይሰጠዋል፣ እሱም ተቀብሎ እያዜመ ያወድሳል፣ ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል፣ ኑሮው በዚያ ነው። ያ ወንድም ብር ግንባር ላይ ሲለጠፍ አይቶ «ይኸው ተከፈላቸው» ብሎ ይሆናል። ልዩነቱን ግን ማንም አላስረዳውም። አዝማሪው ማሲንቆውን በትከሻው ይዞ በእግሩ ይመጣል። አንተ ለስፒከር፣ ለመኪናና ለረዳት ብቻ 9 ሺህ ከፍለህ ነው የምትገባው። ሽልማት ደግሞ እንግዳው በደስታ የሚሰጠው ነው፤ አንዱ ሠርግ ላይ 4 ሺህ ይመጣል፣ ሌላው ላይ 200 ብር አይሞላም። ዋጋ በእሱ ላይ ሊቆም አይችልም።

ስለዚህ ስትዋዋሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምር፤ «ሽልማት ከመጣ የሙዚቀኞቹ ነው፣ ከዋጋው አይታሰብም።» እነሱም በምላሹ የሚፈልጉት ነገር አለ። ብዙ ቤተሰብ ዘፋኝ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረች የእንግዳውን ስም እየጠራች እንድታስጨንቅ አይወድም፤ ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ያፍራል። «እኛም እየዞርን አንለምንም» ብትላቸው ደስ ይላቸዋል። ከዘፋኟም ጋር ተነጋገሩ። ብሩ የሚለጠፈው እሷ ግንባር ላይ ነው፣ አንተ ከኪቦርዱ ጀርባ ነህ። እኩል ከተካፈላችሁ እኩል፣ ካልሆነም ሌላ፤ ብቻ ሥራው ሳይጀመር ይታወቅ።

ይሄ ሁሉ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይገባል። ቀኑ፣ ቦታው፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ ሳውንዱን ማን እንደሚያመጣ፣ ዋጋው፣ ቀብዱ፣ የጭማሪ ሰዓቱ፣ ሽልማቱ። ሐዘን ቢያጋጥም ሠርጉ እንደሚዘዋወር አስበህ «በሐዘን ከተራዘመ ቀብዱ ለአዲሱ ቀን ያገለግላል» የሚል ጨምርበት። ሁለታችሁ ፈርሙበት፣ በስልክ ፎቶ አንሱት።

አሁን ወደ አክስትህ።

ሰኞ ወይም ማክሰኞ ማታ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ሂድ። በስልክ አታውራው። ቤተሰብ የተሰበሰበበት ሰዓትም አትምረጥ፤ እሷና ልጇ ብቻ ባሉበት፣ ቡና እየተፈላ ይሁን። መጀመሪያ ያንተን ደስታ ንገራት። ከዚያ እንዲህ ብትል ምን ይመስልሃል? «እትዬ፣ የእኔ ድካም ለእህቴ ስጦታዬ ነው፣ አንድ ብር አልቀበልም። ስፒከሩ ግን የሰው ነው፣ ዘፋኟም ኑሮዋ ነው። እነሱን እናንተ ትችላላችሁ ወይስ ሌላ መንገድ እንፈልግ?» ያንተ የሆነውን ነው ልትሰጥ የምትችለው። የዘፋኟን 4 ሺህ ብር አንተ ልትሰጣት አትችልም፣ የእሷ ነው።

ወጪውም 13 ሺህ መሆን የለበትም። ሠርገኛ ያለበት ቤት መኪና አይጠፋም፣ 2,500ው ይቀራል። ያንተ ድርሻም ቀርቷል። የሚቀረው የስፒከሩ 5 ሺህ፣ የዘፋኟ 4 ሺህና የረዳቱ 1,500፣ ድምሩ 10,500 ብር ነው። ረዳቱን «የአጎቶቼ ልጆች ይሸከማሉ» ብለህ እንዳትተወው። መሸከሙን ይሸከማሉ፣ ግን ማይክ ሲያፏጭ ወይም ገመድ ሲላቀቅ ማን ያስተካክላል? ከቻልክ ለስፒከሩና ለዘፋኟ ቤተሰቡ በቀጥታ ለባለቤቶቹ ይክፈል። ገንዘቡ በአንተ እጅ ካላለፈ፣ ነገ «የአክስቱን ልጅ አስከፈላት» የሚል ዘመድ አይኖርም።

ብትልህስ «ልጄ፣ 10 ሺህም የለኝም»? ይሄ ሊሆን ይችላል፣ ሠርግ ቤት ነው። እንግዲህ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ሠርጉን አዳራሹ ባለው ሳውንድ ወይም እነሱ በሚያገኙት ዲጄ አሳልፋችሁ፣ አንተ መልሱ ላይ መጫወት ነው። መልስ ቤት ውስጥ ወይም ድንኳን ውስጥ ነው፣ ሰውም ጥቂት ነው፤ ኪቦርድህንና አንድ ትንሽ ስፒከር ይዘህ ብቻህን መጥተህ ትችለዋለህ፣ ወጪ የለውም። እንዲያውም ቤተሰብ የልቡን የሚጨፍረው መልስ ላይ ነው። ሁለተኛው፣ ከኪስህ ስንት መስጠት እንደምትችል አስበህ፣ 3 ሺህም ይሁን 5 ሺህ፣ ያንን እንደ ሠርግ ስጦታ መስጠት ነው። 13 ሺውን ሁሉ እንድትሸከም ግን አልመክርህም። ከአስተማሪ ደመወዝ ላይ አውጥተህ በፈገግታ ብትጫወት እንኳ፣ ቅሬታው ውስጥህ ይቀራል። ከአክስትህ ጋር ያለህን ደግሞ ቅሬታ ሊነካው አይገባም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበልህ፣ ይሄ ጥር ላይ ብቻ የሚነሳ ጉዳይ አይደለም። አክስትህ ለዘመድ ሁሉ ተናግራለች፣ ቀጥሎ የአጎትህ ልጅ አለ። የሠርጉ ወቅት አጭር ነው። ዐቢይ ጾም ሲፈጥን የካቲት 1 ይገባል፣ ሲዘገይ መጋቢት 5። ከጥምቀት ማግስት ስትቆጥር አንዳንዱ ዓመት ከሦስት ቅዳሜ አያልፍም። ከእነዚያ ውስጥ አንዱን በነፃ መስጠት ትልቅ ስጦታ ነው። ለእህትህ የምትሰጠውን ለሁሉም ልትሰጥ አትችልም። ለሌላው ዘመድ «ለቅርብ ዘመድ የራሴን ድካም ግማሽ ነው የምቀበለው፣ ወጪው ግን ሙሉ ነው» የሚል ዋጋ አሁኑኑ ለራስህ ወስን፣ ሲጠይቁህ ያለማመንታት እንድትናገረው።

እና በሠርጉ ቀን፣ ኬክ ከተቆረጠ በኋላ የሚሆን ግማሽ ሰዓት ሙዚቃ በፍላሽ አዘጋጅተህ ሂድ። ፍላሹን ረዳትህ ሚክሰሩ ላይ ይሰካው። አንተ ከኪቦርዱ ተነስተህ ኮትህን አስተካክል፣ ከቤተሰቡ ጋር ፎቶ ተነሳ፣ ከእህትህ ጋር ጨፍር።